ከሙሽራዋ ጀርባ የቀሩ ክቦች

አሥራ ስድስት ሴቶች ታጥበው፣ ተቀብተውና የክት ልብሳቸውን ለብሰው ለሠርግ ፎቶ ቆሙ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ከአሥራ ስድስቱ አንዲቷም ፊት አልነበራትም። በፊታቸው ቦታ ክብ ክብ ብርሃን ተቀምጦ ነበር። ይህን ቀድሞ የነገራቸው ሰው የለም። እንዲጻፍልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው፤ የሚጽፍልኝ ስለሌለ ራሴ እጽፈዋለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ለዚህ ለዚህ ይበቃል።

“ይህም በደል ሆኖ!” ያሉኝ ብዙ ናቸው። ልብ ብዬ አየኋቸው፤ ሁሉም በፎቶው ላይ ፊት ያላቸው ናቸው።

ሠርጉ የልጅ ልጄ ነበር፣ የትልቁ ልጄ ልጅ። ነቀምቴ ውስጥ ጨለለቂ ካለው ቤተ ክርስቲያናችን ጸሎቱ አልቆ፣ ግቢው ውስጥ በተጣለው ድንኳን ምሳ ተበልቶ፣ ሰዓቱ ወደ አሥር እየተጠጋ ነው። ፀሐይዋ ገና አናት ትበሳለች። ሙሽራዋ ግን የምትፈልገው የማታ ፎቶ ነው። ከየት እንዳገኘችው አላውቅም፣ ስልኳ ላይ የአንዲት ፈረንጅ ሙሽራ ፎቶ ይዛለች፤ ከኋላዋ የወርቅ ሳንቲም ከሰማይ እየዘነበ በመሐል አየር ላይ የቆመ ይመስላል። ሠርጋችን በቀን ነው፤ መልካችንም የቀን መልክ ነው፤ ፎቷችን ግን የበዓል ማታ መምሰል አለበት። እሺ፤ ዘመኑ ነው።

ፎቶ አንሺዋ ባኬ ጃማ ሰፈር ሱቅ ያላት፣ ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ የሚጠጋ ቀልጣፋ ሴት ናት። የገና ዛፍ ላይ የሚጠመጠመውን መብራት በከረጢት ይዛ መጥታ፣ የአዳራሹን መጋረጃዎች ሁሉ ዘጋች፣ በበሩም ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለች። ፀሐይዋን አባርራ ስታበቃ መብራቱን ግድግዳው ላይ ደርድራ ሰካችው። በራ። ሙሽራዋ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ጠፋ። የከተማው መብራት ሄደ። ሠርግ መኖሩን የሚነግረው ሰው ያለ ይመስል ሁሌ ሰዓቱን ጠብቆ ነው የሚሄደው።

ሙሽራዋ ልታለቅስ ሆነ። ዓይኗ ላይ ያለው ቀለም ከእንባ ጋር እንደማይስማማ የነገሯት ይመስለኛል፣ ወደ ላይ እያየች ዓይኗን በእጇ ታራግባለች። ፎቶ አንሺዋ በራሷ ባትሪ የሚሠራ አንድ የቁም መብራት ነበራት፤ እሱ ሙሽሮቹን ያበራል። የጠፋው የኋላው ነው። ትንሽ አሰበችና ወደ እኔ መጣች።

“እማማ፣ ስልካቸው መብራት ያለው ሴቶች ያግኙልኝ፤ አሥራ አምስት ቢሆኑ ጥሩ ነው። ከሙሽሮቹ ኋላ አቆማቸዋለሁ።”

እዚህ ላይ የእኔንም ድርሻ ልጻፍ፤ የሌላውን ጥፋት ብቻ መዝግቦ የራስን መዝለል አልወድም። “ከኋላ አቆማቸዋለሁ” ስትል እኔ የገባኝ ሰው ሁሉ የሚገባውን ነው። በኖርኩበት ዘመን ባየሁት የሠርግ ፎቶ ሁሉ ዘመድ የሚቆመው ከሙሽሮቹ ኋላ ነው። ስለዚህ ወደ ድንኳኑ ወጥቼ በአማርኛም በኦሮምኛም ጮኽኩ፤ “ሴቶች! ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ከሙሽራዋ ጋር ፎቶ ልትነሱ ነው!”

መጀመሪያ ብድግ ያለችው ከአኖ የመጣችው የባለቤቴ እህት ናት። ልጆቹ ሁሉ አዳዳ ይሏታል፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ እኛም አዋቂዎቹ በዚያው ለምደነዋል። እኔ በወጣትነቴ ለረጅም ጊዜ ታምሜ ስተኛ፣ የሙሽራዋን አባት ሦስት ዓመት ሙሉ አኖ ወስዳ ያሳደገችልኝ እሷ ናት። ይህን ሁሉ አድርጋ ከዚህ ቤተሰብ ጋር የተነሣችው አንድም ፎቶ የለም። ያላት ፎቶ የመታወቂያዋ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ የታሰረች ነው የምትመስለው።

“ከሙሽራዋ ጋር?” አለችኝ።

“ከሙሽራዋ ጋር።”

“እንግዲያ ቆይ፣ ልታጠብ።”

ታጠበች፤ ተቀባች። ሻሿን አንድ ጊዜ አስራ አልመች ሲላት ፈትታ እንደገና አሰረች። ሌሎቹም እሷን አይተው ወደ ቧንቧው ተሰለፉ። ፎቶ አንሺዋ ከአዳራሹ በር ብቅ ብላ፣ “መታጠብ አያስፈልግም እኮ!” አለች። የዋህነታችን፣ “ቆንጆ ናችሁ” ያለችን መስሎን ተሽኮረመምን።

ውስጥ ገባን። እንዴት እንዳቆመችን ልንገራችሁ። ሙሽሮቹ ካሜራው አፍንጫ ሥር ናቸው፤ ቢበዛ ሁለት እርምጃ። እኛን ደግሞ “ወደ ኋላ!” አለችን። ሄድን። “ሌላ ወደ ኋላ!” ሄድን። “አሁንም ትንሽ!” ከግድግዳው ጋር ተጣበቅን። ከመካከላችን አንዷ፣ “ከዚህ በላይ ካስኬደችን ጊምቢ እንገባለን” ብላ ተሳቀ።

ከዚያ በሠርጉ ላይ የታደለውን ከረሜላ አስመጣችና ልጣጩን ላጥን፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። የስልኩ መብራት ነጭና ኃይለኛ ስለሆነ በከረሜላው ወረቀት እንድንሸፍነው አዘዘች። ብልህ ናት፤ በዳይ ሞኝ ነው ያለ የለም። ትልልቅ ስልክ የያዙት ጀርባውን ወደ ካሜራው አዞሩ። እንደ አዳዳ ያለ ቁልፉ የሚጫን ትንሽ ስልክ ያላቸው ግን መብራቱ አናቱ ላይ ስለሆነ፣ ስልኩን እንደ ጣት ወደ ካሜራው መቀሰር ነበረባቸው። “አንቺ ከፍ፣ አንቺ ዝቅ፣ አንቺ ደረትሽ ላይ፤ አትደርደሩ፣ ተበታተኑ” እያለች አስተካከለችን።

“ልጄ፣ እንሣቅ ወይስ እንኮሳተር?” አለች አዳዳ።

“እንደፈለጋችሁ” አለች ፎቶ አንሺዋ።

ይህን መልስ ያን ጊዜ የደግነት መልስ አድርጌ ነበር የወሰድኩት። አዳዳ ትንሽ አስባ ሣቅን መረጠች። ግማሽ ሰዓት ያህል ሙሉ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ቀዩን ብርሃን ቀስራ፣ ጥርሷን ገልጣ ቆመች። “ዓይኔን እንዳልጨፍን ንገሪኝ” እያለች በክርኗ ትጎስመኝ ነበር።

ፎቶው ከሁለት ሳምንት በኋላ ትልቅ ሆኖ ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶ ልጄ ቤት ተሰቀለ። ያን ቀን ሙሽሮቹ ዘመድ ጠርተው ስለነበር አዳዳም ከአኖ በሚኒባስ መጣች። ለጎረቤቶቿ ሁሉ “ፎቶዬን ልቀበል ነው” ብላ እንደ ወጣች በኋላ ነው የሰማሁት።

ፎቶው ያምራል፤ ውሸት አልጽፍም። ሙሽራዋ ፊቷ የተወለወለ፣ ቅንድቧ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ ሙሽራው የከረባቱ ክር ሳይቀር የሚታይ። ከኋላቸው ጥቁር ነው። ጥቁሩ ላይ ጭንቅላት ጭንቅላት የሚያክሉ፣ ጠርዛቸው የለሰለሰ ክብ ብርሃኖች፣ ወርቃማ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ተንሳፍፈዋል። ከተማው ሁሉ ለእነሱ ብሎ ያበራ ይመስላል።

አዳዳ ቀርባ አየች። መነጽሯን አውጥታ እንደገና አየች።

“አኒ ኤሳን ጅራ?” አለች። እኔ የት ነኝ ማለቷ ነው።

ሙሽራዋ ጥያቄውን ስትጠብቀው እንደ ነበረች ሁሉ በፈገግታ ቀይዋን ክብ ነካች። “አዳዳ፣ ይቺ አንቺ ነሽ! ታያለሽ እንዴት እንዳማርሽ?”

“ይቺ?”

“አዎ! ይቺ አረንጓዴዋ ደግሞ አኮ ናት።” አኮ እኔ ነኝ፤ አያት ማለት ነው። እኔ ዳር ላይ ስለ ቆምኩ ክብ እንኳን አልሆንኩም፤ ሎሚ መስዬ ሞላላ ሆኛለሁ። ክብነትም በቦታ ነው ለካ። ከሁሉ የባሰባት የጎረቤቴ እናት ናት፤ ስልኳን ወደ መሬት አዘንብላ ይዛ ኖሮ ጭራሽ የለችም። ከአሥራ ስድስታችን የታየነው አሥራ አምስት ነን።

ከቤተ ክርስቲያን የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ብርሃን መሆን ትልቅ ነገር እንደሆነ ከወንጌል ጠቅሰው አጽናኑን። እሳቸው ሠርጉ ላይ ከሙሽሮቹ ጎን ቆመው የተነሡት ሌላ ፎቶ አጠገቡ ተሰቅሏል፤ ጢማቸው ሳይቀር ይታያል።

አዳዳ “ገለቶሚ፣ እንተለ ኮ” ብላ ሙሽራዋን አመሰገነቻት፤ ልጄ፣ ተባረኪ እንደማለት ነው። አልተቆጣችም። መነጽሯን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና የመጨረሻው ሚኒባስ ሳያመልጠኝ ብላ ተነሣች። ገና ስምንት ሰዓት ነበር። የመጨረሻው ሚኒባስ ስንት ሰዓት እንደሚሄድ እሷም እኔም እናውቃለን።

ልጄን “አየህ?” አልኩት።

“እማ፣ ፎቶ ነው፤ ምን ይደረግ? ስታይሉ ነው” አለኝ። ስታይሉ! ሦስት ዓመት በጀርባዋ ያዘለችውን ሴት ስታይል በላት።

በማግስቱ ባኬ ጃማ ወረድኩ። ፎቶ አንሺዋ ሱቋ ውስጥ ብቻዋን ነበረች።

“እማማ! እንኳን ደህና መጡ፤ ፎቶው እንዴት ነው?”

“ለሙሽሮቹ ጥሩ ነው። የሌሎቹን ፊት ልወስድ መጥቼ ነበር።”

“የማንን ፊት?”

“የአሥራ ስድስት ሴቶች። አንቺ ጋ ቀርቷል።”

ሣቀች። እኔ ሳልሥቅ ስቀር አቆመች። ከዚያ ማስረዳት ጀመረች፤ እንዳልገባኝ ስትጠረጥር ግን ትዕግሥት አላጣችም፤ ይህን እመሰክርላታለሁ። የውሃ ጠርሙስ አምጥታ ባንኮኒው ላይ ከካሜራው አጠገብ አቆመች። ስልኳን አብርታ ከሱቁ መጨረሻ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። “እዩ እማማ” ብላ ካሜራውን ወደ እኔ አዞረች። ጠርሙሱ ጥርት ብሏል፤ ከኋላው ያለው ትንሽ መብራት ግን አብጦ ትልቅ ክብ ሆኗል፤ መደርደሪያው ራሱ ጉም ሆኗል።

“ሌንሱ አፉን በሰፊው ከፍቷል” አለች። “አፉን ሲከፍት ያተኮርኩበት ብቻ ይጠራል፤ ከሱ የራቀ ሁሉ ይደበዝዛል። ብርሃን ሲደበዝዝ ደግሞ ክብ ይሆናል። ይበልጥ በራቀ ቁጥር ይበልጥ ይተልቃል፤ ለዚህ ነው ወደ ኋላ ወደ ኋላ ያልኳችሁ።”

“አፉን ቢዘጋስ?”

አንድ ነገር አዞረችና እንደገና አሳየችኝ። ክቡ አነሰ፤ ጠርዙም እንደ ተጠረበ ድንጋይ ጎን ጎን አወጣ። ጨምራ ስታጠበው ተራ የስልክ መብራት ሆነ፤ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ፍሬሞች ታዩ።

“እንግዲህ ይቻል ነበር” አልኳት።

“አይቻልም ነበር! አፉ ሲጠብ ብርሃን አይገባም። አዳራሹ ጨለማ፣ መብራት የለም፤ የኔ መብራት የሚደርሰው ሙሽሮቹ ጋ ብቻ ነው። እናንተ እንደ ጥላ ነበር የምትወጡት። ክቡም ይቀራል። ወይ ክብ ነው፣ ወይ ፊት ነው፤ ሁለቱ ባንድ ላይ አይሆኑም።”

“ገባኝ። አንቺ ክብን መረጥሽ።”

“ሙሽራዋ ናት የመረጠችው።”

“ሙሽራዋ ደግሞ ትናንት ስጠይቃት ‘ፎቶ አንሺዋ ናት’ አለችኝ። ብዙ ጥያቄ የለኝም፤ አንድ ነው። ‘እናንተ አትታዩም፣ መብራት ብቻ ያዙልኝ’ ብለሽ ለምን አልነገርሻቸውም?”

“ያውቃሉ ብዬ ነዋ።”

“ከማን ሰምተው?”

“እማማ፣ ሥራው እንዲህ ነው። ሌላ አገር ሁሉም ያውቃል።”

“እኛ ሌላ አገር አልነበርንም፤ ጨለለቂ ነበርን። ‘እንሣቅ ወይ?’ ስትልሽ ‘እንደፈለጋችሁ’ ያልሽው ሴት ግማሽ ሰዓት ሥቃልሻለች።”

ካሜራውን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች፤ ንጹሕ ነበር። እኔም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ደንበኛ ገባ፣ ወጣ። ሌላ ገባ፣ ወጣ። በመጨረሻ፣ “ምን ላድርግ ታዲያ?” አለች።

“እንደ ነበረ አድርጊው። ያው አዳራሽ፣ ያው ጨለማ፣ ያው ከረሜላ። እያንዳንዷ ሴት በተራዋ ከሙሽራዋ ጋር ፊት ትቁም፤ የቀሩት ኋላ መብራት ይያዙ። ሙሽራውም ይያዝ።”

“ሙሽራውም?”

“እሱን በተለይ።”

ሙሽራዋ ስትሰማ ጮኸች። “አኮ፣ ቬሎው እኮ ተመልሷል!”

“ፊትሽ አልተመለሰም። የአገር ልብስሽን ልበሺ።”

ሙሽራው ከሸዋ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው። “እኔ ምንም ችግር የለብኝም፣ እማማ” አለኝ። አሥራ ስድስት ጊዜ እንደሚቆም ያኔ አልገባውም ነበር።

በቀጠርንበት ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም መጡ። አዳዳን ለማስመጣት ግን ሁለት ጊዜ ደወልኩ። በመጀመሪያው “ይቅር፣ ተይው፣ ሰው ይታዘበናል” አለችኝ። በሁለተኛው “ሙሽራዋ ራሷ ጠርታሻለች” አልኳት። እውነት እንዲሆን ስልኩን ዘግቼ ሙሽራዋን እንድትደውልላት አዘዝኳት።

መጋረጃው ተዘጋ። ያን ቀን፣ ማንም የማይፈልገው ቀን ስለሆነ፣ የከተማው መብራት ነበር። ፎቶ አንሺዋ ደስ ብሏት የገና መብራቷን ከከረጢቱ ስታወጣ፣ “መልሺው” አልኳት። “ያኔ ሰው ነው የያዘው፤ አሁንም ሰው ይይዘዋል።” መለሰችው።

መጀመሪያ አዳዳ ወጣች። ሙሽራዋ ከጎኗ ቆማ ትከሻዋን አቀፈቻት። እኛ ሁላችን ወደ ኋላ ሄድን፤ ማንም ሳያዝዘን እስከ ግድግዳው። ሙሽራው ቀይ ከረሜላ ደረሰው። አዳዳ ዞራ አየችውና፣ “ዝቅ አድርገው፤ የሚቀማህ የለም!” ብላ ተቆጣችው። አዳራሹ በሣቅ ፈነዳ፤ ፎቶ አንሺዋም እየሣቀች አነሣቻት።

ፎቶ አንሺዋ በካሜራው ጀርባ አሳየቻት። የአዳዳ ፊት ነው፤ የዓይኗ ጠርዝ ሽብሽብ፣ የተሰነጠቀው የፊት ጥርሷ፣ ሻሿ። ከጎኗ ሙሽራዋ። ከኋላዋ እኛ፣ ክብ ክብ ሆነን።

“ኧረ! ይሄ ሁሉ ጌጥ ለእኔ ነው?” አለች። ቀዩን ክብ በጣቷ ነካች። “ቀዩ ማን ነው?”

“ሙሽራው።”

“አምሮበታል።”

ተራ በተራ ሄደ። አንዳንዷ ሁለቴ ተነሣች። ስልኳን ወደ መሬት አዘንብላ ይዛ የጠፋችው የጎረቤቴ እናት ሦስቴ ተነሣች፤ ካሳ ነው አለች። የእኔ ተራ ሲደርስ ሙሽራዋን ወደ ኋላ ላክኋት፤ እሷም አንድ ጊዜ ክብ መሆን አለባት። ቢጫ ወረቀት ይዛ ሄደች። እኔ ብቻዬን ፊት ቆምኩ፤ በሕይወቴ እንዲህ ብዙ ሰው ከኋላዬ ቆሞልኝ አያውቅም።

ሲያልቅ የሙሽራው ክንድ ወደ ታች አልወርድ ብሎት በሌላው እጁ ያሸው ነበር። አዳዳ የከረሜላ ወረቀቶቹን ከወለሉ ላይ እየለቀመች ፎቶ አንሺዋን ጠራቻት።

“አንቺ ልጅ፣ ያኔ ቀድመሽ ብትነግሪኝ እኮ ሁለት ስልክ ይዤ እመጣልሽ ነበር። የልጄ ልጅ ናት፤ መብራት ለመያዝ እምቢ እላለሁ? ፊቴን ሳልታጠብ በመጣሁ፤ ጥርሴም ባረፈልኝ ነበር።”

ፎቶ አንሺዋ የቁም መብራቷን ማጠፍ ጀመረች። እኔ ግን ጥያቄዬ ገና አልተመለሰልኝም፤ ዕቃዋን ስታስር አጠገቧ ሄድኩ። በሱቋ የሰጠችኝን ምክንያቶች አንድ በአንድ አነሣሁባት፤ ያውቃሉ ብዬ፣ ሥራው እንዲህ ነው፣ ሙሽራዋ ናት። እኔም “ፎቶ ልትነሱ ነው” ብዬ እንደ ጮኽኩ፣ ምን ማለትሽ ነው ብዬ ሳልጠይቃት እንደ ጮኽኩ፣ የእኔን ድርሻ አዳዳ ፊት ተናገርኩ። “አሁን ያንቺን ንገሪኝ” አልኳት። “ለምን አልነገርሻቸውም?”

ሌንሱን ክዳኑን ከደነች። ቀና ብላ መጀመሪያ አዳዳን፣ ከዚያ እኔን አየች።

“እውነቱን ልንገርዎት፣ እማማ? እነሱን መጠየቅ እንዳለብኝ ጭራሽ አልታሰበኝም” አለች።